የሐሰት ሐዲስ እንዴት ይጋለጥ ነበር?

ሐዲስ ስለ ነቢዩ ሙሐመድ ቃልና ሥራ የሚተረክ ነገር ሲሆን፥ «እገሌ ከእገሌ ሰማ» የሚል የተራኪዎች ሐረግ አለው።

ሐሰት የፈጠሩት ሁሉ ክፉ አሳብ የነበራቸው አይምሰላችሁ። በ173 ዓመተ ሒጅራ የሞተው የመርው ከተማ ዳኛ ኑሕ ኢብን አቢ መርየም፥ የቁርኣንን ሱራዎች ትሩፋት አንድ ባንድ የሚናገር ሐዲስ ከዒክሪማ የተላለፈ ነው ብሎ ይተርክ ነበር። የዒክሪማ ተማሪዎች ግን አያውቁትም ነበርና ከየት እንዳመጣው ቢጠየቅ፥ ሕዝቡ ቁርኣንን ትቶ በሕግ ትምህርትና በዘመቻ ታሪክ መጠመዱን አይቶ ለጽድቅ ብሎ እንደ ፈጠረው መናዘዙ ይተረካል።

የማይናዘዘውን ደግሞ ሊቃውንት በዘመን ቁጥር ይይዙት ነበር። ዑመር ኢብን ሙሳ የተባለ ሰው በሶርያ በሒምስ መስጊድ ከኻሊድ ኢብን መዕዳን ሰማሁ ሲል፥ ዑፈይር የተባለ ተራኪ መቼና የት እንዳገኘው ጠየቀው። በ108 ዓመተ ሒጅራ፥ በአርመን ዘመቻ ነው አለ። ዑፈይርም ኻሊድ በ104 መሞቱን፥ የዘመተውም ወደ ሮማውያን እንጂ ወደ አርመን አለመሆኑን ገልጦ ረታው።

ነገር ግን ዘመኑ መግጠሙ ብቻውን ቃሉን እውነት አያሰኘውም። ስለዚህ ሊቃውንቱ በኑሕ ላይ እንደ ሆነው የአንድ መምህር ተማሪዎች የተረኩትን ጎን ለጎን ያስተያዩ ነበር።