ከፀጉር የቀጠነ ፊደል

ከአርቦዬ ተነስቶ አሰላ ወይም አዳማ ሥራ ሊጠይቅ የሚሄድ ምሩቅ በፋይል የያዘው የምስክር ወረቀት ዙሪያውን በቀጭን መስመር ተከቦ ይሆናል። ብዙው ሰው ለጌጥ የተሰመረ መስሎት ያልፈዋል። ወረቀቱ ጥብቅ ሕትመት ከሚሠራ ማተሚያ ቤት የወጣ ከሆነ ግን መስመሩን በአጉሊ መነጽር ማየት ነው፤ እየተደጋገመ የተጻፈ ቃል ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የፊደሉ ቁመት 0.2 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ኤ4 ወረቀት ከጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ቢከበብ ዙሪያው 93 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። አንዱ ፊደል ከነክፍተቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ቢይዝ 3,700 ያህል ፊደላት ይሰለፉበታል። ይህ የሚያነቡት ጽሑፍ ከነርዕሱ በዚያ አንድ ዙር ውስጥ ገብቶ ቦታ ይተርፈዋል።

ዓይን ይህን የማያየው ወዶ አይደለም። ጤነኛ ዓይን በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ለይቶ የሚያየው ትንሹ ክፍተት 0.09 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም የፀጉር ውፍረት ያህል ነው። የዚያ ፊደል እግር ደግሞ 0.03 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ሲደረግበት ቁመቱ 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይነበባል።

ፎቶ ኮፒ ማሽንስ? የተለመደው ማሽን በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ያትማል፤ አንዱ ነጥብ 0.042 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ስለዚህ ለፊደላችን ቁመት የሚደርሰው አምስት ነጥብ እንኳ አይሞላም። የእኛ ፊደል የሚበልጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል። «ሌ»ን ይውሰዱ፤ እግሩ ላይ ያለው ቀለበት ቢያንስ ነጥብ፣ ባዶ፣ ነጥብ ይፈልጋል፤ ሦስቱ ለቀለበቱ ብቻ ካለቁ ለቀሪው አካል የሚተርፈው ከሁለት አይበልጥም። «ሉ» እና «ሊ» የሚለዩት ቅጥያዋ እግሩ ላይ በምትሰካበት ቦታ ብቻ ነው፤ በአምስት ነጥብ ያ ልዩነት ይጠፋል። ቅጂው ላይ የሚቀረው የተቆራረጠ ግራጫ መስመር ነው። የኦፍሴት ፕሌት በኢንች 2,400 ነጥብ ሲቀረጽ ግን ያው ፊደል ወደ 19 ነጥብ ያገኛል።

ኦፍሴት ያለው አጭበርባሪም ይህን ማተም አያቅተውም። ለዚህ ነው ዋተርማርክ የሚጨመረው፤ እሱ ማተሚያ ቤት ሳይደርስ ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ አልቆ ይመጣል። ወረቀት ሲጀመር ከ99 በመቶ በላይ ውሃ የሆነ ሙቅ መሳይ ነገር ነው። ወንፊቱ ላይ ቅርጽ ያለው ሽቦ ከተደረገ ከሽቦው በላይ ያለው ጭረት ይሳሳል፤ ውሃው ሲንጠፈጠፍና ሲደርቅ ያ ስስ ቦታ ብርሃን ያሳልፋል። ጣሊያኖች በፋብሪያኖ ከተማ ይህን የጀመሩት በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ኪስ ውስጥ ያለ ብርም ይህ አለው፤ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ማየት ይበቃል። ሐሰተኛው በፈዛዛ ቀለም ወይም በሰም የተሠራ ስለሚሆን ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ፣ ያለ ብርሃን፣ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ዓይን የማይችለውን ጣት ይችላል። በ2013 እ.ኤ.አ. የስቶክሆልም ተመራማሪዎች ሰው በጣቱ ሲዳብስ 13 ናኖ ሜትር ብቻ ከፍታ ያለውን ሽብሽብ ከለስላሳው ገጽ እንደሚለይ አሳይተዋል። ደረቅ ማህተም ወረቀቱን በወንድና በሴት ቅርጽ መካከል ተጭኖ አንድ ወይም ሁለት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያህል ያነሳዋል፤ ያ ከ13 ናኖ ሜትር ጋር ሲተያይ ከ7,700 እስከ 15,400 እጥፍ ገደማ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ፊት ለፊት ያበጠው ሁሉ በጀርባው በዚያው ቦታ መጎድጎድ አለበት። በግራጫ ጥላ የታተመ ማህተም ዓይንን ያሳምናል፣ ጣትን ግን አያታልልም።

ታዲያ ይህን የጣት መፈተኛ በገዛ እጃችን የምናጠፋው ላሚኔት ስናስደርግ ነው። ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀው ሮለር ያበጠውን ማህተም ይደፈጥጠዋል፤ በላዩ ያለው ፕላስቲክ ደግሞ ጣት ወረቀቱን እንዳይነካ ያደርጋል። «እንዳይበላሽ» ተብሎ የተደረገ ነገር የመፈተኛውን ግማሽ ይወስዳል። ሳይጋገር የሚገባበት ግልጽ የፕላስቲክ ፖስታ ይሻላል፤ ወረቀቱ ሲያስፈልግ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ግን የሚመሰክረው ለወረቀቱ ነው። ከመዝገብ ቤት የወጣ እውነተኛ ባዶ ቅጽ ላይ የሐሰት ስምና ውጤት ቢሞላበት ዋተርማርኩም ደረቅ ማህተሙም ያሳልፉታል። ጠንቃቃ ቀጣሪ በመነጽሩ ካየ በኋላም የወረቀቱን ተራ ቁጥር ይዞ ለሰጠው ተቋም ደብዳቤ የሚጽፈው ለዚህ ነው።