«ወስደዋል?» ሳይሆን «ስንት ቀረ?»

የደም ግፊት መድኃኒት ብዙውን ጊዜ የሚቋረጠው ሰው ሲብስበት ሳይሆን ሲሻለው ነው። ማዞሩ የለም፣ ራስ ምታቱ የለም፣ ልኬቱም ወርዷል። «እንግዲህ ድኛለሁ» ይባልና ክኒኑ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ልኬቱ የወረደው ግን ክኒኑ ስለተወሰደ ነው። ሲቋረጥ ተመልሶ ይወጣል፤ ሲወጣም አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አይሰጥም። በነርስነት ስሠራ ስትሮክ መቷቸው ከሚመጡ ሰዎች ቤተሰብ ደጋግሜ የሰማሁት ቃል «ለካ ትተውት ኖሯል፤ እኛ የሚወስዱ ነበር የመሰለን» የሚል ነው።

ቤተሰብ ሳይጠይቅ ቀርቶ አይደለም። ልጅ ከሥራ ቦታዋ ወይም ከውጭ አገር ትደውልና «እማዬ፣ መድኃኒትሽን ወስደሻል?» ትላለች። እናትም «አዎ ልጄ፣ አታስቢ» ትላለች። ልጅን ላለማስጨነቅ ሲባል የሚሰጥ መልስ ነው። ቁጣና ምክርም ስለሚከተል እውነቱን መናገር ይከብዳል። ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ ከልጅ ወይም ከትዳር ጓደኛ ይልቅ ያው ሕመም ያለበት፣ እሱም ክኒን የሚቆጥር ጎረቤት ወይም የዕድር ጓደኛ ይሻላል። ሁለቱም ጠያቂ፣ ሁለቱም ተጠያቂ ይሆናሉ።

እኔ በቅርብ የማውቃቸው ሁለት ጎረቤታሞች ያደረጉትን ላጫውታችሁ። አንደኛዋ የ67 ዓመት አያት ናቸው፤ በተለምዶ «የሽንት ክኒን» የሚባለውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ። ሁለተኛዋ 58 ዓመቷ ነው፤ የምትወስደው አምሎዲፒን ነው። ሁለቱም በቀን አንድ ክኒን ነው የታዘዘላቸው። ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ለመገናኘት ተስማሙ፤ አንድ ሳምንት አንዷ ቤት፣ በሚቀጥለው ሌላዋ ቤት። ጉዳዩ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። ቡናው የሚፈላው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንደኛ ወሬው ጉዳዩን እንዳይውጠው፣ ሁለተኛ ቡና የግፊት ልኬትን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል።

ሲገናኙ የሚጠያየቁት ሦስት ነገር ነው። ስንት ክኒን ቀረ? ልኬቱ ስንት ነው? በሚመጣው ሳምንት ምን ሊያዘናጋን ይችላል?

«ወስደዋል?» የሚለው ጥያቄ ሆን ተብሎ ቀርቷል። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነውና። ክኒን ሲቆጠር ግን ሒሳብ ነው። 30 ክኒን ይዘው እሑድ ጠዋት ከጀመሩ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ 23፣ በሁለተኛው 16፣ በሦስተኛው 9 መቅረት አለበት። 9 ሲቀር ደግሞ ቀጣዩን መድኃኒት ለማውጣት ቀን ይቆረጣል፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ክኒኑ አልቆ «ነገ እሄዳለሁ» ሲል ነውና።

ልኬቱ ቤት ባለ መሣሪያ ወይም በአቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል። በቤት ከሆነ ከመለካት በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም፤ ሽንት ቤት ደርሶ መምጣትም ጥሩ ነው። ከዚያ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ሳያጣምሩ መሬት አስረግጦ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ያርፋል፤ መጠቅለያው በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይታሰራል። አንድ ደቂቃ እያረፉ ሁለት ጊዜ ይለካና ሁለቱም ቁጥር በደብተር ይጻፋል። ቤት ውስጥ ሲለካ በተደጋጋሚ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደብተሩን ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

የተስማሙባቸው ደንቦች አራት ናቸው፤ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፈዋል። አንደኛ፣ እውነት የተናገረ አይቆጣም፣ አይመከርም፤ «ምን ሆኖ ነው?» ብቻ ይጠየቃል። ሁለተኛ፣ የተነገረው ለልጆችም ለጎረቤትም አይወራም። ሦስተኛ፣ ክኒን መዋዋስ፣ መጠን መጨመርና መቀነስ ክልክል ነው። አራተኛ፣ አንዷ ሳታሳውቅ ከቀረች ሌላዋ በዚያው ቀን ቤቷ ትሄዳለች።

ምስጢሩ የሚሰበረው በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ድንገተኛ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል፣ የንግግር መተሳሰር፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ቤተሰብ ተጠርቶ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይኬዳል። ልኬቱ 180/120 ከደረሰና ምልክት ከሌለ 5 ደቂቃ አርፎ እንደገና ይለካል፤ ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መቅረብ ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ የአያቲቱ ክኒን ሲቆጠር 9 መሆን ሲገባው 12 ሆነ። ልኬታቸው 152/94 ነበር። ታናሺቱ በደንቡ መሠረት «እትዬ፣ ምን ሆኖ ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀች። እሳቸውም ትንሽ ዝም ብለው ተናገሩ። ሁለቱን ቀን ለቅሶ፣ አንዱን ቀን ቤተ ክርስቲያን ስለነበሩ፣ ሽንት እንዳያስቸግራቸው ብለው ሳይወስዱ ወጥተዋል። ሲመለሱም «ነገ እወስዳለሁ» እያሉ ተዉት። ታናሺቱ መፍትሔ አልፈጠረችም፤ ሰኞ አብራቸው ጤና ጣቢያ ሄደች። ባለሙያውም ክኒኑ ጠዋት ቢወሰድ እንደሚመረጥ፣ በሚወጡበት ቀን ግን እንደተመለሱ ሊወስዱት እንደሚችሉ ነገራቸው። የዘለሉትን ለማካካስ በማግስቱ ሁለት እንዳይወስዱም አስጠነቀቃቸው። ከዚያ ወዲያ የሦስተኛው ጥያቄ መልስ «ረቡዕ ለቅሶ አለ፤ ስመለስ እወስዳለሁ» ሆነ።

ታናሺቱም የራሷ ጉዳይ ነበራት። ቁርጭምጭሚቷ ማበጥ ጀምሮ ነበርና በልቧ ክኒኑን ለመተው አስባለች። አምሎዲፒን አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል፤ ኢናላፕሪል ደግሞ ደረቅ ሳል ያመጣል። ሐኪሙ መጠኑን ወይም መድኃኒቱን ሊቀይር ይችላል፤ መፍትሔው በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይደለም። ይህን አስቀድሞ የሚሰማ ሰው መኖሩ ጠቀማት።

እንዲህ ያለው ስምምነት ሲበላሽም ይታወቃል። ልኬቱ በየሳምንቱ 120/80 ብቻ ከሆነ እየተለካ ሳይሆን እየተጻፈ ነው። ክኒኑ ሳይቆጠር «ልክ ነው» ከተባለ፣ ወይም ሁልጊዜ አንዷ ብቻ ጠያቂ ከሆነች ቁጥጥር ሆኗል ማለት ነው። ያን ጊዜ ደብተሩን ቁጭ ብሎ ማየት፣ ሚና መቀያየር፣ ቀኑ ካልተመቸም መቀየር ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች ሲጀምሩ የተስማሙት ለ8 ሳምንት ብቻ ነበር። ስምንተኛው ቅዳሜ ላይ «እንቀጥል ወይስ ይብቃን?» ተባብለው ሊወስኑ ቃል ገቡ፤ ይህም መተው የፈለገ ያለ ይሉኝታ እንዲተው ነው። እነሱ ቀጥለዋል። አሁን ሐኪማቸው ዘንድ ሲቀርቡ መጀመሪያ የሚያወጡት ደብተሩን ነው።