አንድ ነጥብ አምስት ሲሲ

የነርሲንግ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሆስፒታል ገብተው በዋሉ ማታ፣ እግራቸው ገና ሳያርፍ፣ አንድ የቤት ሥራ ይጠብቃቸዋል። ያዩትንና የሠሩትን ይጽፋሉ፤ ከዚያ የጻፉትን መልሰው እያነበቡ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ይመረምራሉ። ሪፍሌክቲቭ ጆርናል ይባላል። ብዙ ቤተሰብ ልጁ ማታ ደብተር ላይ አጎንብሳ ሲያይ የዕለት ማስታወሻ የምትጽፍ ይመስለዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተማሪዎቹ ራሳቸውም የሚያስቡት እንደዚያው ነው።

እኔ እነዚህን ጽሑፎች አርማለሁ። ከሁሉም በላይ ጊዜ የምሰጠው መድኃኒት በስሕተት ሊሰጥ ሲል የተያዘበትን ቀን ለሚተርከው ጽሑፍ ነው። በሙያው ቋንቋ «ኒር ሚስ» እንለዋለን፤ ስሕተቱ ተፈጥሯል፣ ነገር ግን በሽተኛው ጋ ሳይደርስ ቆሟል። ማንም አልተጎዳምና ጉዳዩ በዚያው የመረሳት ዕድሉ ሰፊ ነው። ቀጥሎ ያለውን ታሪክ የማቀርበው በጸሐፊዋ ፈቃድ ነው፤ እሷም ሆስፒታሉም ሕፃኑም እንዳይታወቁ አድርጌዋለሁ።

ተማሪዋ የተመደበችው በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነበር። ሕፃኑ በተወለደ በሦስተኛው ቀኑ፣ ክብደቱ 3 ኪሎ፣ ጡት አልጠባ ብሎ ትኩሳት ስለያዘው ኢንፌክሽን ተጠርጥሮ ተኝቷል። እንዲህ ላለ ሕፃን በብዛት የሚታዘዙት ሁለት መድኃኒቶች ናቸው፦ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን። ጄንታማይሲን ከመጀመሪያው ሳምንት ላልወጣ፣ ክብደቱም ደኅና ለሆነ ሕፃን በኪሎ 5 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ይሰጣል። ስለዚህ የዚህ ሕፃን ድርሻ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ ካርዱም ላይ የተጻፈው ይኸው ነበር።

ከካርዱ ሌላ ግን አንድ ጽሑፍ ነበረ። የትናንቷ ተረኛ ለሥራ እንዲቀል ብላ በቁራጭ ፕላስተር ላይ «ጄንታ 1.5 ሲሲ» ብላ ጽፋ ካርዱ ሽፋን ላይ ለጥፋዋለች። ሲሲ ማለት ሚሊ ሊትር ነው፤ በየዋርዱ ሁሉም የሚናገረው በሲሲ ነው። ተማሪዋ ያነበበችው ፕላስተሩን ነው። አምፑሉን ሰበረች፣ በሲሪንጅ 1.5 ሲሲ ሳበች፣ አጠገቧ ወደ ቆመችው ሲስተር ዞር አለች።

ሲስተሯ «ልክ ነው?» ብላ አልጠየቀችም። «ስንት ሚሊ ግራም ያዝሽ?» ነው ያለቻት። ተማሪዋ አፏ ላይ የመጣላትን 15 ብላ መለሰች። «ከአምፑሉ አንብበሽ ንገሪኝ» አለቻት። አምፑሉ ላይ የተጻፈው 80 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር ነበር። በአንዱ ሲሲ ውስጥ 40 ሚሊ ግራም አለ ማለት ነው፤ 1.5 ሲሲ ደግሞ 60 ሚሊ ግራም ይሆናል። የሕፃኑ ድርሻ አራት እጥፍ።

ጄንታማይሲን በልኩ ሲሰጥ የብዙ ጨቅላዎችን ሕይወት ያተረፈ መድኃኒት ነው። ከሰውነት የሚወጣው ግን በኩላሊት በኩል ነው፤ የአራስ ኩላሊት ደግሞ ገና አልበሰለም። መጠኑ ሲበዛና ሲደጋገም ኩላሊትን ሊጎዳ፣ በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳትም ሊያጠፋ ይችላል። ኩላሊት ብዙውን ጊዜ ያገግማል፤ የሞቱት የጆሮ ሕዋሳት ግን አይተኩም። ይህ ጉዳት በዕለቱ አይታይም። ወላጅ የሚያውቀው ከወራት በኋላ፣ ልጁ ሲጠሩት ዞር አልል ሲል ነው። ፕላስተሩ በማግስቱም እዚያው ይኖር ስለነበር፣ ያ 1.5 ሲሲ በየቀኑ ሊደገም ይችል ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ተማሪዋ የጻፈችው ከአንድ ገጽ በላይ ነው። አብዛኛው ስለ ድንጋጤዋ ነበር፤ እጇ እንደተንቀጠቀጠ፣ የሕፃኑ እናት ምንም ሳታውቅ «እግዜር ይስጥልኝ ሲስተርዬ» እያለች ስትመርቃት መሬት ተከፍታ ብትውጣት እንደተመኘች፣ ታክሲ ውስጥ እንዳለቀሰች። መጨረሻው ላይ «ከእንግዲህ ወዲህ በጣም እጠነቀቃለሁ፤ አምስቱን ትክክሎች አልረሳም» ብላለች። አምስቱ ትክክሎች ማንኛውም የነርስ ተማሪ በቃሉ የሚያውቃቸው ናቸው፦ ትክክለኛ በሽተኛ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድና ሰዓት።

ስሜቱን ማስፈሯ ተገቢ ነው። ብሪታንያዊው የትምህርት ባለሙያ ግራሃም ጊብስ በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ ዛሬ በብዙ የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች በሚሠራበት አካሄድ፣ ስሜት ከድርጊቱ ትረካ ቀጥሎ የራሱ ቦታ አለው። የደነገጠ ሰው ድንጋጤውን ካላስቀመጠው ቀጥሎ የሚመጣውን በሰከነ ልብ ማየት አይችልም። ከዚያ ግን ምን ደኅና ሄደ፣ ምን አልሄደም፣ ለምን፣ ሌላ ምን ማድረግ ይቻል ነበር፣ በሚቀጥለው ጊዜ ምን አደርጋለሁ የሚሉት ይከተላሉ። የተማሪዋ ጽሑፍ ከስሜቱ ተነሥቶ በቀጥታ ቃል ኪዳን ላይ ወደቀ። «ለምን» የሚለው መሀል ላይ ቀረ። «እጠነቀቃለሁ» ደግሞ ለእኔ መልስ አይደለም፤ ያን ጠዋትም እየተጠነቀቀች ነበርና። የሕፃኑን ስም ከእጁ ማሰሪያ ጋር አመሳክራለች፣ ሰዓቱን አይታለች፣ እጇን ታጥባለች።

ጽሑፉን መለስኩላትና ከግርጌው ሦስት ጥያቄ ጻፍኩ። ፕላስተሩ ስሕተት ነበር? 1.5 ሲሲ ስትስቢ ለምን እንግዳ አልሆነብሽም? ሲስተሯ «ልክ ነው?» ብላ ብትጠይቅሽ ምን ትመልሺ ነበር?

በማግስቱ ይዛው የመጣችው ከመጀመሪያው በእጅጉ የተለየ ነበር። ለመጀመሪያው ጥያቄ ከክፍሉ ጠይቃ ያገኘችው መልስ አስገርሟታል፦ ፕላስተሩ ትናንት ልክ ነበር። ጄንታማይሲን በሁለት ጥንካሬ ይመጣል። አንዱ 20 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር የያዘ፣ ለሕፃናት የሚመች አምፑል ነው፤ ሌላው ያ 80 ሚሊ ግራም ያለው። ሁለቱም ትንንሽ የመስታወት አምፑሎች ናቸው፤ በሁለቱም ውስጥ ያለው ፈሳሽ 2 ሲሲ ነው። ትናንት የነበረው ባለ 20ው ስለሆነ 1.5 ሲሲ ማለት 15 ሚሊ ግራም ነበር። ሌሊት ላይ ባለ 20ው አለቀ፤ ከፋርማሲ የመጣው ባለ 80 ነው። አምፑሉ ተቀየረ፣ ፕላስተሩ አልተቀየረም።

ለሁለተኛው የጻፈችውን በራሷ ቃል ልጥቀሰው፦ «እንግዳ ያልሆነብኝ አንድ አምፑል ስለበቃኝ ነው። ሦስት አምፑል ስበሪ ብባል ኖሮ እጄ ራሱ ይቆም ነበር። 1.5 ግን ከሁለት ሲሲ አምፑል ውስጥ በደንብ ይወጣል፤ ትንሽም ይተርፋል። ዓይኔን የሚያስቆም ነገር አልነበረም።»

ይህን ስታነብ ልምድ ያላት ነርስ ራሷን ትነቀንቃለች። አሥር እጥፍ የሆነ ስሕተት ብዙውን ጊዜ ራሱን ያጋልጣል፤ ሲሪንጁ አይበቃም፣ የሚሰበረው አምፑል ይበዛል። አራት እጥፉ ግን እንደ ጤነኛ መጠን ሆኖ ሲሪንጁ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ በዓይን ግምት የሚያዝ አይደለም፤ የሚያዘው በስሌት ብቻ ነው። ስሌቱም አጭር ነው፦ የታዘዘው ሚሊ ግራም፣ አሁን እጄ ላይ ባለው አምፑል በአንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ ላለው ሚሊ ግራም ይካፈላል። 15 ለ40 ሲካፈል 0.375 ይመጣል፤ ማለትም ከግማሽ ሲሲ ያነሰ። ይህን በ5 ሲሲ ሲሪንጅ በትክክል መለካት ስለማይቻል ወይ ባለ 1 ሲሲ ሲሪንጅ ያስፈልጋል፣ ወይ መድኃኒቱ ይቀጥናል። ባለ 80ው አምፑል 2 ሲሲ ላይ 6 ሲሲ ንጹሕ የመርፌ ውኃ ሲጨመር 8 ሲሲ ይሆናል፤ በአንዱ ሲሲ ውስጥ ያለው ወደ 10 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ያኔ የሕፃኑ ድርሻ እንደገና 1.5 ሲሲ ይሆናል።

አደጋው እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። በአንዱ አምፑል ልክ የሆነው 1.5፣ በሌላው አራት እጥፍ ነው፤ ያው አምፑል ሲቀጥን ደግሞ እንደገና ልክ ነው። ሚሊ ግራም የመድኃኒቱን መጠን ይናገራል። ሲሲ የሚናገረው የፈሳሹን ብዛት ብቻ ነው፤ ውስጡ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለ አይናገርም። ካርዱ 15 ሚሊ ግራም ሲል እውነቱ ነገም ከነገ ወዲያም ይጸናል። ፕላስተሩ እውነት የነበረው አንድ ዓይነት አምፑል መደርደሪያው ላይ እስካለ ድረስ ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄ በአንድ መስመር መልሳዋለች፦ «አዎ፣ ልክ ነው እል ነበር።» ሲስተሯም ፕላስተሩን አይታ «አዎ» ልትል ትችል ነበር። ሁለት ሰው አንድ ወረቀት አይቶ ከተስማማ፣ የታየው ወረቀቱ እንጂ መድኃኒቱ አይደለም። ሲስተሯ ያደረገችው በሙያው ራሱን የቻለ ድርብ ማረጋገጫ የሚባለው ነው፤ ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን መልስ ሳይቀበል ከትእዛዙና ከአምፑሉ ተነሥቶ ራሱ ያሰላል። የሥራ ጫና ሲበዛ መጀመሪያ የሚቀረው ይህ ነው። ብዙ ክፍሎች ውስጥ አንዷ ነርስ የምትይዛቸው ሕፃናት ብዛት ለድርብ ማረጋገጫ ጊዜ አይሰጥም፤ ይህን ደግሞ የአንዲት ተማሪ ጆርናል አይፈታውም።

ጆርናሉ የተማሪዋና የመምህሯ ነው፤ ስለዚህ የሕፃኑ ስም፣ የካርድ ቁጥሩ፣ አልጋው አይጻፍበትም። ክፍሉን የሚያስተካክለው ሌላ ወረቀት ነው፤ ለክፍሉ ኃላፊ የሚቀርብ የክስተት ሪፖርት። ኒር ሚስ እዚያ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው። «ማንም አልተጎዳ፣ ለምን ሰው አስነክሳለሁ» የሚለው ስሜት ጠንካራ ነው፤ ተማሪ ላይ ደግሞ ውጤቴ ይቀነሳል የሚል ፍርሃት ይጨመራል። እኔ ስሕተት ሊፈጠር ነበር ብሎ ለጻፈ ተማሪ ነጥብ አልቀንስም፤ የምቀንሰው «ለምን» የሚለውን ለዘለለ ነው። ተማሪዋ ከሲስተሯ ጋር ሆና ሪፖርቱን ጻፈች። ከሁለቱ ስሞች ይልቅ ሁለቱ አምፑሎች ጎልተው እንዲታዩ አድርገው ነው የጻፉት፦ በአንድ ሳጥን ተቀላቅለው እንደተቀመጡ፣ ጥንካሬው ሲቀየር ለነርሶቹ የሚነገርበት መንገድ እንደሌለ፣ ትእዛዝ በሲሲ የመገልበጥ ልማድ እንዳለ።

የክፍሉ ኃላፊ አምፑሎቹ በየሳጥናቸው እንዲለዩ፣ ፕላስተሮቹም እንዲነሡ አዘዙ። የተማሪዋ ጆርናል መጨረሻ አሁን «እጠነቀቃለሁ» አይልም። እንዲህ ይላል፦ «መጠኑን የማነበው ከካርዱ ብቻ ነው። አምፑሉን ከመስበሬ በፊት በአንዱ ሲሲ ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ስሌቱን ወረቀት ላይ እሠራለሁ። አጠገቤ ያለችውን ሲስተር ‹ልክ ነው?› ብዬ አልጠይቅም፤ አስልተሽ ንገሪኝ እላታለሁ።» በሚቀጥለው ወር የምትመደበው በሌላ ዋርድ ነው። እዚያም መድኃኒት የሚጠራው በሲሲ ነው።