የካን ጦርነት መቼ ተካሄደ?

በ1967 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየ አንድ የ«ስታር ትሬክ» ክፍል ካን ኑኒየን ሲንግ ከሚባል ገጸ ባሕርይ ጋር ተመልካቹን አስተዋወቀ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ካን፣ በጉልበትም በአእምሮም ከተራው ሰው እንዲልቁ ተደርገው ከተፈጠሩ ሰዎች አንዱ ነው። ታሪኩ እንደሚለው ከ1992 እስከ 1996 ከዓለም ሩብ የሚበልጠውን ገዝቷል፤ «የዘር ማሻሻያ ጦርነቶች» በተባለው እልቂት ድል ሲሆን ግን ተከታዮቹን ይዞ በመርከብ ወደ ጠፈር ሸሸ። ለዘመናት ተኝቶ ከቆየ በኋላ ያገኘው ካፒቴን ከርክ ነው።

ለደራሲዎቹ 1992 ገና ሩቅ ነበር። ታሪኩ እስከዚያ ዘመን ድረስ በሌሎች እጅ መጻፉን ይቀጥላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሆኖም 1996 ሲደርስ «ስታር ትሬክ» አሁንም በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ «ቮየጀር» በተባለው ተከታታይ ውስጥ የመርከቧ ሠራተኞች በጊዜ ወደ ኋላ ተመልሰው ሎስ አንጀለስ ገቡ፤ ያውም በ1996። ከተማዋ ሰላም ናት፤ ሰዎች በባሕር ዳር ይዝናናሉ፤ የካንን ስም የሚያነሳ የለም። ይሁንና አንዲት የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ቢሮ ውስጥ የካንን መርከብ የሚመስል ትንሽ ሞዴል ይታያል። አድናቂዎች ይህችን ሞዴል ጦርነቱ ላለመሰረዙ ማስረጃ አድርገው ያዟት።

የመጀመሪያው ማስታረቂያ ቀላሉ ነው፤ ካን የገዛው ከእስያ እስከ መካከለኛው ምሥራቅ ስለነበር ካሊፎርኒያን ጦርነቱ አልነካትም የሚል ነው። ነገር ግን የ1967ቱ ክፍል ሕዝቦች በጅምላ በቦምብ ያለቁበት ዘመን እንደነበር ይናገራል። እንዲህ ያለ እልቂት እየተካሄደ ወሬው ሎስ አንጀለስ አልደረሰም ማለት አያስኬድም።

ደራሲው ግሬግ ኮክስ በ2001 እና በ2002 በታተሙ ሁለት ልብ ወለዶች ሌላ መንገድ ሞከረ። በእሱ ትረካ ጦርነቱ በስውር የተካሄደ ሲሆን፣ ዓለም በዜና የሰማቸው እውነተኛ ግጭቶችና አደጋዎች መሸፈኛ ሆነውታል። ብልሃቱ ያስደንቃል፤ ከቀድሞው ታሪክ አንድም ቀን ሳይነካ ሁሉንም ለማትረፍ ይጥራል። ሆኖም ሩብ ዓለምን የገዛ ሰው ተራው ሕዝብ ሳያውቀው ይገዛል ብሎ መቀበል ይከብዳል። በዚያ ላይ ልብ ወለዶቹ እንደ ይፋዊው ታሪክ አካል አይቆጠሩም።

አንዳንዱ ግጭት ደግሞ ከታሪኩ ውስጥ መልስ አይሻም። በ1997 በ«ዲፕ ስፔስ ናይን» አንድ አድሚራል ስለ ካን ዘመን ሲናገር «ከሁለት መቶ ዓመት በፊት» ይላል። ታሪኩ የሚካሄደው በ2373 ስለሆነ፣ በዚህ ስሌት ካን በ2170ዎቹ ይገኛል ማለት ነው። ከደራሲዎቹ አንዱ ሮናልድ ሙር ጉዳዩን በግልጽ አስረዳ፤ ቁጥሩን ስለ ካን ከተሠራው የ1982 ፊልም ወስዶ፣ «ዲፕ ስፔስ ናይን» ከዚያ ፊልም ወደ መቶ ዓመት ገደማ ዘግይቶ እንደሚካሄድ ዘንግቶ ነበር። እንዲህ ሲሆን የአድሚራሉ አንደበት ተሳሳተ ብሎ ማለፍ ይበቃል፤ ለአንድ ቁጥር ሲባል የዓለምን ታሪክ ማዞር አያስፈልግም።

ሦስተኛው መልስ ከራሳቸው ከሠሪዎቹ መጣ። በሰኔ 2023 በታየው የ«ስትሬንጅ ኒው ወርልድስ» ክፍል የካን የልጅ ልጆች ዘር የሆነችው ላአን በ21ኛው ክፍለ ዘመን ቶሮንቶ ትገኛለች። በዚያ ያገኘቻት ሰላይ ካንን በልጅነቱ ልትገድል የተላከች ናት። ሰላይዋ ነገሩ መሆን የነበረበት በ1992 እንደሆነ፣ እሷም 30 ዓመት ስትጠብቅ መኖሯን በምሬት ትናገራለች። በጊዜ የሚጓዙ ኃይሎች ታሪክን ሲነካኩ ጊዜ ራሱ ይቋቋማቸዋል፤ ክስተቶቹ አይጠፉም፣ ይዘገያሉ።

ይህ ዓይነቱ መልስ አደገኛ ነው። «ጊዜ ተቀይሯል» ማለት ማንኛውንም ስሕተት ስለሚሸፍን፣ ደራሲው የቀደመውን ሥራ እንዳያጠና ሊያሰንፈው ይችላል። የከርክ ሰዎች 1992ን ከመዝገብ መጥቀሳቸውም ሳይፈታ ይቀራል፤ ጦርነቱ ከተገፋ ያ የቆየ ክፍል የሌላ ጊዜ ታሪክ ሆነ ማለት ነው። ብዙ ነባር አድናቂዎችን የሚያስከፋው ይኸው ነው፤ ቅሬታቸውም ተገቢ ነው።

እኔ ግን ከሦስቱ ይህን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የቀን ማስተካከያው የሰው ታሪክ ሆኗል። ላአን ገና ሕፃን የሆነውን ካንን ፊት ለፊት ታገኘዋለች። ስሙ ዕድሜዋን ሁሉ ያሳፈራት ሰው ነው፤ እሱ ከሞተ ግን እሷ የምታውቀው መጪ ዘመን አይኖርም። ስለዚህ ልጁን በሕይወት ትታው ትሄዳለች።

ጉዳዩን ራሱ ማመዛዘን የሚሻ አንባቢ የ1967ቱን ክፍል፣ የ1982ቱን ፊልም፣ ከዚያም የ2023ቱን ክፍል በወጡበት ቅደም ተከተል ይመልከት። በታሪኩ ውስጥ ባሉት ዓመታት ቅደም ተከተል ማየት የሚጀምር ሰው ግን የመጨረሻውን መልስ ጥያቄውን ሳያውቅ ይሰማል።