ቡናው ሳይረክስ ጀበናው ይሸጥ

የተቆላ ቡና የሚሸጥ አንድ ሱቅ እናስብ። ኪሎው በ900 ብር ይሸጣል፤ ወጪው 780 ስለሆነ ትርፉ 120 ብር ነው። ጀበናውን በ150 ገዝቶ በ300፣ ዕጣኑን በ50 ገዝቶ በ100 ይሸጣል።

ሦስቱን አንድ ላይ ለሚወስድ ቅናሽ ማድረግ ሲታሰብ፣ ብዙ ነጋዴ ቶሎ የሚመጣለት ከቡናው ላይ 10 በመቶ መቀነስ ነው። ያ 90 ብር ነው፤ ከቡናው የሚተርፈው 30 ብር ብቻ ይሆናል። የባሰው ደግሞ ደንበኛው የቡናውን ዋጋ 810 አድርጎ መልመዱ ነው። ስለዚህ ቡናው 900 ተብሎ ይለጠፍ፤ ከጀበናው ላይ 60 ብር ይቀነስ። ጥቅሉ 1,240 ብር ይሸጣል፣ 260 ያተርፋል።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ቡና ብቻ ሊገዛ መጥቶ ጥቅሉን የወሰደ ሰው 140 ብር ተጨማሪ ትርፍ ያመጣል። ሦስቱንም በሙሉ ዋጋ ሊገዛ የነበረው ግን 60 ብር ያሳጣል። ከ10 ጥቅል ገዢዎች 3ቱ የመጀመሪያው ዓይነት ከሆኑ ሒሳቡ እኩል ይወጣል፤ ካነሱ ኪሳራ ነው። ይህ የሚታወቀው ጀበናና ዕጣን ከጥቅሉ በፊት ስንት ይሸጡ እንደነበር አስቀድሞ ከተመዘገበ ነው።

ጀበና በየሳምንቱ አይገዛም፤ ለቋሚ ደንበኛ ከቡናው ጋር ዕጣኑ ብቻ ይቅረብለት።