ድረ ገጽ ሲዛወር አድራሻው የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው

የኢንተርኔት ሱቅዎን ከአንድ ሆስቲንግ ወደ ሌላ ሲያዛውሩ ሱቁ ለአንድ ደቂቃ እንኳ መጥፋት የለበትም። ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚያበላሸው ዲኤንኤስን ቀድሞ መቀየር ነው።

ዲኤንኤስ የዶሜይኑን ስም ሰርቨሩ ካለበት የአይፒ አድራሻ ጋር ያገናኛል። የኢንተርኔት አቅራቢዎች አንዴ ያገኙትን መልስ ለተወሰነ ጊዜ ስለሚያስቀምጡት ሁልጊዜ እንደ አዲስ አይጠይቁም። ስንት ሰከንድ እንደሚያቆዩት የሚነግራቸው TTL የሚባለው ቁጥር ነው፤ 86400 ከሆነ 24 ሰዓት ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ያለው የልብስ ሱቅ ቅዳሜ ሌሊት ይዛወራል እንበል። TTL ወደ 300፣ ማለትም ወደ አምስት ደቂቃ፣ ዝቅ ማለት ያለበት ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ማታ ዝቅ ቢል አይረባም፤ ቀደም ብሎ መልሱን የወሰደ ሁሉ እስከ እሑድ ድረስ በአሮጌው አድራሻ ይሄዳል። ቁጥሩን በዚህ ትእዛዝ ማየት ይቻላል፦

```
dig +trace example.com A
```

አርብ ፋይሎቹና ዳታቤዙ ወደ አዲሱ ሰርቨር ይገለበጣሉ። ከዚያ በራስዎ ኮምፒውተር hosts ፋይል ላይ ይህን ይጻፉ፦

```
203.0.113.25 example.com
```

አሁን አዲሱን ሱቅ የሚያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ይግቡ፣ ልብስ ይዘዙ፣ ፎቶ ይጫኑ። የደኅንነት ሰርተፍኬቱም ከወዲሁ መኖር አለበት። ዶሜይኑ ገና ወደ አሮጌው ስለሚያመራ ድረ ገጹን ጎብኝቶ የሚያረጋግጠው ዘዴ አይሠራም፤ በዲኤንኤስ መዝገብ ማረጋገጥ ወይም የአሮጌውን ሰርተፍኬት ከነቁልፉ መገልበጥ ያስፈልጋል።

ቅዳሜ ሌሊት አሮጌው ሱቅ ትእዛዝ መቀበል ያቆማል፤ ዕቃ ማየት ግን አይከለከልም። ዳታቤዙ ለመጨረሻ ጊዜ ይገለበጣል። ቀጥሎ አሮጌው ሰርቨር የሚመጣለትን ጥያቄ ሁሉ ወደ አዲሱ እንዲያስተላልፍ ይደረጋል። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የማየው እርሱን ነው። አድራሻው ከተቀየረ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ገዢዎች ወደ ሁለቱም ሰርቨሮች ይመጣሉ። ሁለቱም ትእዛዝ ከተቀበሉ ግማሹ ሽያጭ በአንደኛው፣ ግማሹ በሌላው ዳታቤዝ ይቀራል፤ ያንን ማዋሐድ ከዝውውሩ ራሱ ይከብዳል።

ማስተላለፉ ሲሠራ በአዲሱ ላይ ትእዛዝ መቀበል ይከፈታል፤ የ A መዝገብም ያኔ ይቀየራል። AAAA መዝገብ ካለ አብሮ ካልተቀየረ በIPv6 የሚመጡት አሮጌው ጋ ይቀራሉ። የኢሜይሉ MX አይነካም። ኔምሰርቨር መቀየርም ለሌላ ቀን ይቆይ፤ በ.com ዶሜይኖች ያ መረጃ እስከ 48 ሰዓት ይቀመጣል።

ቀጥሎ የአሮጌውን ሰርቨር የጉብኝት መዝገብ መከታተል ነው። TTLን የማያከብሩ አቅራቢዎች ስላሉ ጥቂት ጎብኚዎች ለቀናት ይዘገያሉ። መዝገቡ ላይ የሰው ጉብኝት መታየቱን ሲያቆም TTL ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ የአሮጌው ሆስቲንግ ውልም ያኔ ይቋረጣል።