ካርታው ላይ ያለችው ነጥብ

የእህቴ ልጅ አንድ ማታ ከሥራ ስትገባ የኤርፖዷን ኬዝ አጣችው። ስልኳ ላይ `Find My`ን ስትከፍት ካርታው ሃያ ሁለት አካባቢ አንዲት ነጥብ አሳያት፤ ከ50 ደቂቃ በፊት ይላል። «ታክሲ ውስጥ ጥዬዋለሁ!» ብላ ጫማዋን መልሳ ልታጠልቅ ስትል አስቆምኳት።

«ከጆሮሽ አውጥተሽ ኬዙን የከደንሽው የት ነው?»

«ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቀኝ፣ ሃያ ሁለት ልንደርስ ስንል።»

ነጥቧ የምትነግረን ይህንኑ ነበር። የእሷ ኤርፖድ ሁለተኛው ትውልድ ነው። ኬዙ የት እንዳለ በራሱ አያውቅም፤ ካርታው ላይ የሚቀመጠው ማዳመጫው በብሉቱዝ ለመጨረሻ ጊዜ ሲገናኝ ስልኩ የነበረበት ቦታ ነው። ኬዙ ሲከደን ግንኙነቱ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ታክሲ ላይ ይውደቅ፣ መንገድ ላይ ይውደቅ፣ አብሯት ቤት ይግባ፣ ነጥቧ ሃያ ሁለት ላይ እንደቆመች ትቀራለች። ስለዚህ የሚፈለገው ከነጥቧ ወዲህ ባለው መንገድ ሁሉ ነው፤ መጀመሪያ ግን በቅርቡ፣ ማለትም ልብሷና ቦርሳዋ ውስጥ።

ኤርፖድ ፕሮ እና ሦስተኛው ትውልድ ከዚህ ይሻላሉ። በአጠገባቸው የሚያልፉ የሌሎች ሰዎች አይፎኖች ምልክታቸውን ተቀብለው ቦታውን ለባለቤቱ ያደርሳሉ። አብዛኛው ሰው አንድሮይድ በሚይዝበት ከተማ ግን የሚያልፈው አይፎን ጥቂት ነው።

«ታዲያ ለምን አላስጮኸውም?» አለችኝ። `Play Sound`ን ነካች፤ ዝም። የሚጮኹት ማዳመጫዎቹ ናቸው፤ ኬዝ ውስጥ ተከድነው ከተቀመጡ አይሰሙም። በ2022 የወጣው ኤርፖድ ፕሮ 2 ኬዙ የራሱ ድምፅ ማጉያ ስላለው ተከድኖም ይጮኻል፤ ከኤርፖድ 4 ደግሞ የውጭ ድምፅ የሚያፍነው ዓይነት ብቻ እንዲህ ያደርጋል።

ማስጮህ ጥሩ የሚሠራው አንዱ ጆሮ ብቻ ቤት ውስጥ ሲጠፋ ነው። ባለፈው የቀኙ ጠፍቶባት ነበር። ቴሌቪዥኑን አጠፋን፣ እጇ ላይ ያለውን የግራውን ከስልኩ ላይ ጸጥ አሰኘችው፣ ከዚያ ከክፍል ክፍል በዝግታ ዞርን። ድምፁ እስከ ሁለት ደቂቃ ድረስ እየጨመረ የሚሄድ ቀጭን ጩኸት ነው። ፍራሽ ወይም ትራስ ካፈነው ከጥቂት እርምጃ በላይ አይሰማም፤ ስለዚህ መኝታ ቤት ደርሰን ብርድ ልብሱን ስናነሳ ነው የሰማነው። ባትሪው አልቆ ቢሆን ኖሮ ይህም አይረዳንም ነበር። ስልኩ ከማዳመጫው ጋር መገናኘቱን ካሳየ ግን ምንም ባይሰማም እዚያው አካባቢ አለ ማለት ነው።

ያን ማታ ግን የሚጮህ ነገር ስላልነበረን የቀረን መዳሰስ ነው። ጃኬቷን ከላይ እስከ ታች ዳበስኩት። የኪሱ ጥግ ተቀዷል፤ ኬዙ በቀዳዳው ሾልኮ ወገቧ ጋ ገበሩ ውስጥ ተኝቷል።